የእድር ሪፖርት ስላይድ ቴሌግራም ላይ ስለቀው አይነበብም፣ ፎቶ ይሻላል ቪዲዮ?

የእድር_ፀሐፊ_ቱሉዲምቱ

ሰላም ለዚህ ቤት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ የእድራችን ፀሐፊ ነኝ። የዓመቱን ሪፖርት በፓወርፖይንት ሰራሁትና ጠቅላላ ጉባኤው ላይ በፕሮጀክተር አሳየን፣ እሱ ምንም አላለ። ግን ግማሹ አባል ስራው መሀል ከተማ ስለሆነ ትራንስፖርት አግኝቶ እስኪደርስ ስብሰባው ያልቃል፣ ሰብሳቢያችን "ግሩፑ ላይ ልቀቀውና ሁሉም ይየው" አሉኝ። ፋይሉን እንዳለ ለቀኩት፣ አንዱ አልከፍት አለኝ ይላል አንዱ ከፈትኩት ግን ሰንጠረዡ ከገፁ ወጥቷል ይላል። ከዛ File > Export ገብቼ 12ቱንም ስላይድ ፎቶ አድርጌ ላኩ፣ አሁን ደሞ "አይነበብም" ሆነ። የገቢና ወጪው ሰንጠረዥማ በስልክ ሲታይ የጉንዳን ሰልፍ ነው የሚመስለው።

ሌላው ማንበብ የሚቸግራቸው እናቶች አሉ፣ ለነሱ ድምፅ ያለው አጭር ቪዲዮ ብናደርገው የሚል ሀሳብ መጥቷል። ላፕቶፑ የኔ ነው ኦፊስ 2019። ምን ላድርግ?

ቢኒ_ለገጣፎ

ቀላል ነው ወንድሜ። ፓወርፖይንት ፎቶ ሲያወጣ ሪዞሉሽኑን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወጣው፣ 1280 በ 720 ነው የሚሰጥህ። ሬጅስትሪ ገብተህ 300 ዲፒአይ አድርገው፣ ጥርት ይላል። `regedit` ብለህ ይሄን ታገኛለህ

```
HKEY_CURRENT_USER\Software\Microsoft\Office\16.0\PowerPoint\Options
```

እዛ ውስጥ `ExportBitmapResolution` የሚል DWORD ፍጠርና 300 ስጠው። አለቀ።

እማዬ_ሱሉልታ

ፕሮጀክተር ከሌላችሁ እኮ ስልኩን ከቲቪ ጋር በገመድ ማገናኘት ይቻላል፣ እኛ ማህበራችን እንደዛ ነው የምናደርገው። ቲቪው ስማርት ከሆነ ገመድም አያስፈልግም።

የእድር_ፀሐፊ_ቱሉዲምቱ

@እማዬ_ሱሉልታ አመሰግናለሁ እማዬ፣ ግን ስብሰባው አልፏል፣ እኔ የፈለኩት እያንዳንዱ ሰው በየስልኩ እንዲያይ ነው።

@ቢኒ_ለገጣፎ አደረኩት። ኮምፒውተሬ ላይ ስከፍተው እውነትም በጣም ጥርት ብሏል፣ 4000 በ 2250 ይላል። ግሩፑ ላይ ስለቀው ግን ያው ነው። እንደውም አንድ ሰውዬ "አሁንም ያንኑ ነው የላክኸው" አሉኝ።

ፎቶኮፒ_ቤት_ገላን

ቢኒ ያልከው ውሸት አይደለም፣ 1280 በ 720 የሚለውም ቦታውም ልክ ነው። ግን የዚህ ሰውዬ በሽታ እሱ አይደለም። ቴሌግራም ፎቶ ስትልክበት ረጅሙን ጎን በተለምዶ ወደ 1280 ያወርደዋል፣ ከዛ በላይ ጄፔግ አድርጎ ይጨምቀዋል። ስለዚ አንተ 4000 ብትሰጠውም ሰዉ ጋ የሚደርሰው ያው ነው፣ የሚጨምረው የራስህ ዳታ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር የመጠን ጉዳይ ነው። እኔ ገላን ፎቶኮፒና ፅህፈት ቤት አለኝ፣ ይሄን ጥያቄ ከሰርግ ጥሪ እስከ ቤተክርስቲያን ሪፖርት ስሰማው ነው የምውለው። የተለመደው ሰፊ ስላይድ ወርዱ 33.87 ሴንቲሜትር ነው። ስልክ ቀጥ አድርገህ ስትይዘው የስክሪኑ ወርድ 6.8 ሴንቲ አካባቢ ነው። አካፍለው፣ አምስት ጊዜ ይቀንሳል። ሰንጠረዡን በስንት ፎንት ነው የፃፍከው? 18 ከሆነ ስልኩ ላይ 3.6 ሆኖ ነው የሚታየው። ጋዜጣ እንኳ 9 ምናምን ነው። ፎቶው እንደ ብርጭቆ ጥርት ቢል 3.6 ፎንት ማን ያነባል? ሰዉ "ደበዘዘ" ሲል አብዛኛውን ጊዜ አነሰብኝ ማለቱ ነው። ለመለየት ከፈለግህ አንዱ አባል በጣቱ ያሳድገው፣ ሲያሳድገው ከተነበበ የመጠን ችግር ነው፣ አሳድጎትም ፊደሉ ዙሪያውን ጭቃ ከመሰለ የመጨመቅ ነው።

ሰላም_የቡራዩዋ

ይቅርታ ላቋርጣችሁና የኔም ተመሳሳይ ስለሆነ ነው። ቡራዩ ላይ ልጆች አስጠናለሁ፣ ማስታወሻውን በስላይድ ሰርቼ ለወላጆች እልካለሁ። ቤት ስከፍተው አማርኛ ነው፣ ኢንተርኔት ቤት ወስጄ ፎቶ ላድርገው ስል ፊደሉ ሁሉ የእንግሊዝኛ ምልክትና ነጥብ ሆኖ ወጣ፣ ፎቶውም እንደዛው። የኔ ምንድነው?

ፎቶኮፒ_ቤት_ገላን

@ሰላም_የቡራዩዋ ያንቺ ሌላ ነው። በድሮው ፓወር ግዕዝ ፎንት ነው የፃፍሽው መሰለኝ፣ እነዛ ፎንቶች ከስር የእንግሊዝኛ ፊደል ናቸው፣ ፎንቱ ብቻ ነው አማርኛ የሚያስመስላቸው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት እውነተኛ መልካቸው ይወጣል። ፎቶ የማድረጉ ጥቅም እኮ ፊደሉ ስዕል ሆኖ ስለሚቀር ተቀባዩ ፎንት አያስፈልገውም፣ ግን ፎቶ የሚደረገው ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ መሆን አለበት። ቤትሽ ፎቶ አድርጊና ፎቶውን በፍላሽ ውሰጂ። ለወደፊቱ ደግሞ በኒያላ ወይ በኤብሪማ ወይ በአቢሲኒካ ፃፊ፣ ዩኒኮድ ናቸው፣ ፎንቱ ቢቀየር እንኳ አማርኛነቱን አይለቅም።

ሰላም_የቡራዩዋ

ቤት ያለው የወንድሜ ላፕቶፕ ነው፣ ማታ ማታ ነው የማገኘው። እሺ እሞክራለሁ።

የእድር_ፀሐፊ_ቱሉዲምቱ

@ፎቶኮፒ_ቤት_ገላን ሲያሳድጉት ይነበባል አሉኝ። በፋይል የላኩት ማለቴ ነው። በፎቶ የላኩት ቁጥሩ ሲያድግ 3 እና 8 አይለይም። ስለዚ ሁለቱም ችግር አለ ማለት ነው። ሰንጠረዡ 18 ነው ልክ ነህ።

ፎቶኮፒ_ቤት_ገላን

አዎ ሁለቱም ይኖራል፣ ግን የመጀመሪያውን ካስተካከልክ ሁለተኛው አብሮ ይቀላል፣ ምክንያቱም ፊደሉ ትልቅ ከሆነ ጭመቃው ብዙ አይጎዳውም። የኛ ፊደል ደሞ ከእንግሊዝኛው ይብሳል፣ ሺ እና ሹ የሚለዩት ቅጥያዋ የት ጋ እንደወጣች ነው፣ እሷ ከጠፋች ሰውዬው ሌላ ቃል ነው የሚያነበው።

እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም ኮፒ አድርግ፣ ዋናውን አትንካ። Design > Slide Size ገብተህ Standard (4:3) ምረጥ፣ ከዛ Custom Slide Size ከፍተህ ስላይዱን Portrait አድርገው። ወርዱ 19.05 ቁመቱ 25.4 ይሆናል። Maximize ወይ Ensure Fit ብሎ ይጠይቅሃል፣ Ensure Fit በለው፣ Maximize ካልከው ዳር ዳሩን ያስወጣብሃል። አሁን 19.05ን ለ 6.8 ስታካፍል 2.8 ነው። 28 ፎንት ስልክ ላይ 10 ሆኖ ይታያል፣ ያለ መነፅር ባይሆንም በመነፅር ይነበባል።

ግን ይሄን ስላደረክ ብቻ አልጨረስክም፣ Ensure Fit ያልከው ሁሉን ነገር አሳንሶ መሀል ላይ ያስቀምጥልሃል፣ ፎንቱም አብሮ ይወርዳል። እያንዳንዱን ስላይድ ገብተህ እንደገና መዘርጋት አለብህ። እዚህ ጋ ነው ስራው። ሰንጠረዥህ ስንት ዓምድ ነው?

የእድር_ፀሐፊ_ቱሉዲምቱ

አምስት። ወር፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ ማብራሪያ። 12 ወር ከነድምሩ።

ፎቶኮፒ_ቤት_ገላን

ማብራሪያውን አውጣው። እሱ ነው ቦታ የሚበላው። አራት ዓምድ በ 19 ሴንቲ 28 ፎንት በደንብ ይገባል። አስራ ሦስቱ ረድፍ ግን ከነርዕሱ አንድ ገፅ ላይ ይጨናነቃል፣ ስድስት ስድስት ወር አድርገህ ለሁለት ክፈለው፣ ድምሩን ሁለተኛው ላይ። ማብራሪያ የሚያስፈልገው ወር ካለ ከስሩ በአንድ መስመር ፃፈው፣ "ሚያዝያ ወጪ የበዛው ድንኳን ስለገዛን ነው" ምናምን ብለህ፣ ለያንዳንዱ ወር ማብራሪያ ማን ያነባል።

ከቀለም ደግሞ ነጭ ላይ ጥቁር አድርገው። ጄፔግ ብርሃንና ጥላውን በደንብ ይይዛል፣ ቀለሙን ግን ይቆጥብበታል፣ ለዛ ነው አረንጓዴ ላይ በቀይ የተፃፈ ነገር ዳሩ የሚጨማለቀው።

ቢኒ_ለገጣፎ

እሺ ስለ 1280 ተቀበልኩ 😄 ግን ያን ሬጅስትሪ ዝም ብለን እንተወው ነው የምትለው? በ 96 ካወጣው እኮ 720 በ 960 ነው የሚሆነው፣ ከ 1280 በታች ነው።

ፎቶኮፒ_ቤት_ገላን

@ቢኒ_ለገጣፎ እዚህ ጋ ጎበዝ። ሂሳቡን ስራው፣ ቁመቱ 25.4 ሴንቲ ማለት 10 ኢንች ነው። 128 ብትሰጠው 960 በ 1280 ይወጣል፣ ልክ ቴሌግራም የሚፈልገው ላይ ያርፋል፣ እሱም መልሶ ማሳነስ አያስፈልገውም። ስለዚ 300ውን ወደ 128 ቀይረው። ስትሞላው ግን Decimal መመረጡን እይ፣ ሲከፈት Hexadecimal ላይ ነው ያለው፣ እንደዛው 128 ካልክ 296 ብሎ ነው የሚወስደው። የወጣውን ፎቶ Properties ገብተህ 960 በ 1280 ካለ ሰርቷል። አዲሱ ቴሌግራም ኤችዲ የሚል ምርጫ አለው፣ ከዛም በላይ መሄድ ይቻላል፣ ግን የእድር ሰው ዳታ ይቆጥባል፣ አያስፈልገውም።

ጋሽ_ወርቁ

እኔ የማይገባኝ ነገር፣ ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ እያለ ለምን ይሄ ሁሉ ጣጣ? አንድ ፋይል ነው፣ ገፁ አይዘበራረቅም፣ ፊደሉ የፈለከውን ያህል ብታሳድገው አይደበዝዝም። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ቢሮ ሁሌም በፒዲኤፍ ነበር የምንልከው።

ፎቶኮፒ_ቤት_ገላን

ጋሼ ልክ ነዎት፣ ለማስቀመጥና ለማተም ፒዲኤፍን የሚያክል የለም። ግሩፕ ላይ ግን ሰዉ አውርዶ ከፍቶ አያይም፣ ፎቶ ግን ጣቱን ሲያንሸራትት ዓይኑ ላይ ነው። ደሞ ፒዲኤፉም ከሰፊው ስላይድ ከተሰራ ስልክ ላይ ያው 3.6 ፎንት ነው፣ እየጎተቱ ማንበብ ነው።

ጋሽ_ወርቁ

እኔ አውርጄ ነው የማየው። ገንዘብ የሚመለከት ሰነድ በፎቶ ተቆራርጦ ሲመጣ ደስ አይለኝም፣ ነገ አንዱ ገፅ ብቻውን ሌላ ቦታ ይዞራል።

ዶዶ_ሰበታ

የጋሼን ነጥብ እኔም እደግፋለሁ፣ አንድ ጊዜ የዋጋ ዝርዝራችን ግማሹ ብቻ ዞሮ ደንበኛ በድሮ ዋጋ ካልሸጣችሁልኝ ብሎ ነበር (ሴራሚክ ነው የምንሸጠው)። አሁን እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቀንና የገፅ ቁጥር እናደርጋለን። በነገራችን ላይ እኔ ላፕቶፕ የለኝም በስልክ ነው የምሰራው፣ እናንተ የምትሉት Export ስልክ ላይ የት ነው? አጥቼው ስክሪንሹት ነው የማደርገው።

ፎቶኮፒ_ቤት_ገላን

ቀንና ገፅ ቁጥር ማድረግ በጣም አሪፍ ነው። "3/14" ብለህ ብትፅፍ የጎደለው ይታወቃል። ስልክ ላይ እንደየአፑ ይለያያል፣ አንዳንዱ ፎቶ አድርጎ ማውጣቱን በክፍያ ነው የሚሰጠው። ስክሪንሹት አያሳፍርም፣ ስላይዱን ቀጥ ያለ አድርገህ በማሳያው ሙሉ ስክሪን ላይ ካነሳኸው ለስልክ ይበቃል። ላፕቶፕ ላይ በጎግል ስላይድስ የምትሰሩ ካላችሁ ግን እዛ ላይ ፎቶ ሲወርድ ያለህበት ስላይድ ብቻ ነው የሚወርደው፣ አንድ በአንድ ነው።

የእድር_ፀሐፊ_ቱሉዲምቱ

ወገን ሰራሁት። 14 ስላይድ ሆነ። 128 አድርጌ 960 በ 1280 ወጣ። መጀመሪያ ለአንድ ጎረቤቴ ብቻ ላኩት፣ ሰውዬው ከጡረታ በኋላ ነው ስማርት ስልክ የያዘው፣ ሳያሳድግ አነበበው። ግን ቅደም ተከተሉ ተዘበራርቆ ሄደ፣ ከ 1 ቀጥሎ 10፣ 11 ከዛ 2። ደሞ 14ቱ አንድ ላይ አልሄዱም፣ ሁለት ቦታ ተቆረጡ።

ሊኑክስ_ነኝ

ፓወርፖይንት Slide1፣ Slide2 እያለ ነው የሚሰይመው፣ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን አውቆ ይደረድረዋል፣ ስልኩ ላይ ያለው ፋይል ማሳያ ግን እንደ ፊደል ስለሚያየው 10 ከ 2 ይቀድማል። ከ 1 እስከ 9 ያሉትን 01፣ 02 ብለህ ስማቸውን ቀይር። መቆረጡ ደሞ ቴሌግራም በአንድ አልበም 10 ብቻ ስለሚይዝ ነው።

ቪዲዮም ፓወርፖይንት ሳይነካ ከፎቶዎቹ መስራት ይቻላል፣ ስማቸውን ሳትቀይር በፊት

```
ffmpeg -framerate 1/8 -i Slide%d.PNG -c:v libx264 -pix_fmt yuv420p -r 25 edir.mp4
```

እያንዳንዱ ስላይድ 8 ሰከንድ ይቆያል። `yuv420p` የምትለዋን እንዳትዘላት፣ ያለሷ ብዙ ስልክ ላይ ቪዲዮው አይከፈትም።

የእድር_ፀሐፊ_ቱሉዲምቱ

@ሊኑክስ_ነኝ የስሙ ነገር ገብቶኛል፣ ከታች ያለው ግን ለኔ አይሆንም ይቅርታ 😅 ደሞ ድምፅ ነው የሚያስፈልገን።

ፎቶኮፒ_ቤት_ገላን

14ቱን በሁለት አልበም ሰባት ሰባት አድርገህ ብትልከው ይሻላል፣ የመጀመሪያው ሂሳቡ፣ ሁለተኛው የደንብ ማሻሻያው። 10 ከላክህ በኋላ የቀረችው 4 ተነጥላ ስትመጣ ሰዉ ሌላ ጉዳይ ይመስለዋል።

ለእናቶቹ ቪዲዮ ደሞ 14ቱንም አታድርገው። ሁለት ሦስት ስላይድ፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ወርሃዊ መዋጮ ስንት ሆነ፣ በቃ። ከዛ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው። Slide Show > Record Slide Show ውስጥ Record from Current Slide ብለህ ስላይድ በስላይድ ቅዳው፣ አንዱ ከተበላሸ እሱን ብቻ ትደግመዋለህ። አንድ ነገር ልብ በል፣ ስላይዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር (ትራንዚሽን ካደረክበት) በዛች ቅፅበት ድምፅ አይቀዳም። ብዙ ሰው "የመጀመሪያው ቃል ተቆረጠብኝ" የሚለው ለዛ ነው። ትራንዚሽኑን None አድርገው፣ ወይ ስላይዱ ገብቶ ካረፈ በኋላ ትንፋሽ ወስደህ ጀምር፣ ስትጨርስም ወዲያው አትለፍ።

ከዛ File > Export > Create a Video። Use Recorded Timings and Narrations መመረጡን እይ፣ ካልሆነ ድምፁን ትቶ ለያንዳንዱ 5 ሰከንድ ይሰጥሃል። ጥራቱ ላይ Full HD ምረጥ። ሰዉ ዳታ ለመቆጠብ HD 720 ይመርጣል፣ ግን ቀጥ ባለ ስላይድ ላይ ያ ቁጥር ቁመቱን ነው የሚለካው፣ 720 ካልክ ወርዱ 540 ሆኖ ይቀራል፣ 1080 ካልክ 810 ነው። ስላይዱ ስለማይንቀሳቀስ የፋይሉ መጠን እንደምትፈራው አይበዛም። ሲጨርስ ከታች ያለው መስመር እስኪሞላ ፓወርፖይንቱን አትዝጋ፣ መብራት የሚሄድበት ሰዓት ከሆነ ባትሪውን ሞልተህ ጀምር፣ መሀል ላይ ከተቋረጠ ፋይሉ ይኖራል ግን አይከፈትም።

ቢኒ_ለገጣፎ

ለቪዲዮ ግን 9:16 አይሻልም? ስክሪኑን ሙሉ ይሞላል፣ ሁሉም ሰው ቲክቶክ ላይ የለመደው እሱን ነው።

ፎቶኮፒ_ቤት_ገላን

ለቪዲዮ ብቻ ከሆነ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ለሁለቱም አንድ ፋይል ነው የምሰራው፣ 9:16 ፎቶ ሲሆን አልበሙ ውስጥ ከላይና ከታች ተቆርጦ ነው የሚታየው፣ እስኪነካ ድረስ ርዕሱ አይታይም።

ቢኒ_ለገጣፎ

ሲነካ ይታያል እኮ። እኔ በ 9:16 እቀጥላለሁ።

ሰላም_የቡራዩዋ

ወንድሜ ላፕቶፕ ላይ አወጣሁት፣ አማርኛው በትክክል ወጣ 🙏 ግን አንድ ስላይድ ላይ መልሱና ጥያቄው ተደራርቦ ነው የወጣው። ስላይዱ ላይ ጥያቄው ይመጣል ከዛ ይጠፋና መልሱ ይመጣል፣ በአኒሜሽን ነው ያደረኩት።

ሊኑክስ_ነኝ

ፎቶ አኒሜሽን አያውቅም፣ ስላይዱ ላይ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ያነሳዋል። ስላይዱን Duplicate አድርጊና አንዱ ላይ ጥያቄውን፣ ሌላው ላይ መልሱን ብቻ አስቀሪ። ወይ ያን ስላይድ በቪዲዮ ላኪው፣ ቪዲዮ ላይ አኒሜሽኑ እንዳለ ይሄዳል።

የእድር_ፀሐፊ_ቱሉዲምቱ

ቪዲዮውን የእድሩ ሂሳብ ያዥ በራሳቸው ድምፅ ቀዱት፣ ሦስት ስላይድ። ግሩፑ ላይ ለቅቄዋለሁ። ፒዲኤፉንም ከስር አያይዣለሁ @ጋሽ_ወርቁ፣ ሰብሳቢያችንም እንዳንተ ገንዘብ ነክ ነገር በአንድ ሰነድ ይሁን ብለዋል። አንድ ብቻ ቀረኝ፣ ውጭ ያሉ ልጆቻቸው ዋትሳፕ ነው የሚጠቀሙት፣ ቪዲዮውን ከቴሌግራም ወደ ዋትሳፕ ያሳለፈች አንዷ ደብዝዞ ደረሰን አለች።

ፎቶኮፒ_ቤት_ገላን

ዋትሳፕም የራሱን ጭመቃ ያደርጋል፣ ሁለቴ ተጨመቀ ማለት ነው። ከላፕቶፑ የወጣውን ዋናውን ፋይል ላክላት፣ ስትልክ ከላይ HD የሚለውን ንካ፣ ካልሆነ በ Document በኩል ላከው፣ እንዳለ ይደርሳል፣ ግን ቻቱ ላይ ወዲያው አይጫወትም፣ አውርደው ነው የሚከፍቱት።

ዶዶ_ሰበታ

የሴራሚክ ፎቶ ቀለሙ ሳይቀየር በዋትሳፕ የሚሄድበት መንገድ ያለው ሰው ካለ ደሞ ይንገረኝ፣ ቡናማው ግራጫ ሆኖ ነው ደንበኛ ጋ የሚደርሰው።